የአሳዳጊነት ውሳኔ የሚለወጠው መቼ ነው?

ጥያቄ፦ ከባለቤቴ ጋር ከተፋታን ሦስት ዓመት ሆነን። ልጃችን ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ስለነበረች ፍርድ ቤቱ ከእናቷ ጋር እንድትኖር ወሰነ። አሁን ገቢዬ ጨምሯል፤ ሰፊ ቤትም ተከራይቻለሁ። ልጄም «አንተ ጋ መኖር እፈልጋለሁ» ትለኛለች። እናቷ በሥራ ምክንያት ወደ ሩቅ ከተማ ልትዛወር መሆኑንም ሰምቻለሁ። ውሳኔው ሊለወጥልኝ ይችላል?

መልስ፦ ሊለወጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ያነሷቸው ምክንያቶች እኩል ክብደት የላቸውም፤ አስቀድመው የጠቀሱት ገቢ ከሁሉም የሚያንሰው ነው።

በሌሎች የፍትሐ ብሔር ክርክሮች የመጨረሻ ፍርድ ያረፈበት ጉዳይ በዚያው ተከራካሪዎች መካከል ዳግመኛ አይነሳም። የልጅ አሳዳጊነት ግን ልጁ እያደገ፣ የወላጆቹም ኑሮ እየተለወጠ ስለሚሄድ፣ ውሳኔው የሚጸናው የተመሠረተበት ሁኔታ እስካለ ድረስ ነው። በዚህ ምክንያት የማሻሻያ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤት በቅድሚያ የሚመረምረው፣ ከውሳኔው በኋላ የልጁን ኑሮ በቀጥታ የሚነካና ዘላቂ የሆነ ለውጥ መኖሩን ነው። የእርስዎ ገቢ መጨመሩ ለውጥ ቢሆንም ልጅቷ ባለችበት ቤት የጎደለባት ነገር መኖሩን አያሳይም፤ የገቢ ልዩነት በቀለብ መጠን ሊስተካከል የሚችል ነው። የእናቷ መዛወር ግን ትምህርት ቤቷን፣ ጓደኞቿንና ከእርስዎ ጋር የምትገናኝበትን ጊዜ በአንድነት ስለሚለውጥ የአቤቱታዎ ዋና መሠረት ሊሆን የሚችለው እርሱ ነው። ይህንንም በወሬ ሳይሆን በዝውውር ደብዳቤ፣ በትምህርት ቤት መልቀቂያ ወይም እናቷ ራሷ በምትሰጠው ቃል ማስረዳት ይጠበቅብዎታል።

ለውጡ ከተረጋገጠ በኋላ ጥያቄው የልጅቷ የላቀ ጥቅም በየትኛው አኗኗር ይጠበቃል የሚለው ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 3 ይህ ጥቅም በቀዳሚነት እንዲታሰብ ያዛል። የሚነጻጸሩትም የወላጆቹ መልካምነት ወይም የቤታቸው ስፋት ሳይሆን፣ ልጅቷ ወደፊት የምትኖራቸው ሁለት ሕይወቶች ናቸው፤ አንደኛው ከእናቷ ጋር በአዲሱ ከተማ፣ ሁለተኛው ከእርስዎ ጋር አሁን ባለችበት ቦታ። ዳኛው ጠዋት ማን ይቀሰቅሳታል፣ ስትታመም ሐኪም ቤት የሚወስዳት ማን ነው፣ መምህሯ ችግር ሲያጋጥም የሚደውሉት ለማን ነው ብሎ ይጠይቃል። እነዚህን ሁሉ ላለፉት ሦስት ዓመታት ስትሠራ የቆየችው እናቷ ከሆነች፣ እርስዎም እስከ ማታ ሥራ ላይ የሚቆዩ ከሆነ፣ ትምህርት ቤቷ ባይለወጥም ከለመደችው ተንከባካቢ መለየቷ የበለጠ ሊጎዳት ይችላል። በአንጻሩ እርስዎ በየሳምንቱ የሚያስጠኗት፣ የክትባትና የሕክምና ቀጠሮዋን የሚከታተሉ፣ አያቶቿም በአቅራቢያ የሚኖሩ ከሆነ ሚዛኑ ወደ እርስዎ ሊያጋድል ይችላል። ልጅቷ ከሌላው ወላጅ ጋር ያላትን ግንኙነት በቅንነት የሚጠብቅላት የትኛው ወላጅ እንደሆነም ከፍተኛ ቦታ ይሰጠዋል፤ በእኔ እምነት ብዙ ወላጆች የሚዘነጉት ይህን ነው።

ስለ ልጅቷ ፍላጎት፣ የዚሁ ስምምነት አንቀጽ 12 የራሷን አመለካከት መመሥረት የምትችል ልጅ እንድትደመጥና ቃሏም እንደ ዕድሜዋና እንደ ብስለቷ ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ትደመጣለች፤ ውሳኔው ግን በእርሷ ላይ አይጣልም። ብዙውን ጊዜ ወላጆች በሌሉበት ዳኛው በጽሕፈት ቤቱ ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ያነጋግራታል። የሚመዘነው «አባቴ ጋ» ማለቷ ብቻ ሳይሆን ምክንያቷም ነው። «እዚያ ማታ ብቻዬን አልሆንም» ያለች ልጅ ስለ ኑሮዋ እየተናገረች ነው፤ በአዋቂ ቃላት ስለ ቀለብ ወይም ስለ እናቷ ጥፋት የምትናገር ልጅ ግን ምን እንደምትል አንዱ ወላጅ ያስጠናት መሆኑን ያስጠረጥራል፤ ይህም ያስጠናትን ወላጅ ይጎዳል። ስለዚህ እባክዎ ምርጫዋን ደጋግመው አይጠይቋት።

አቤቱታው እስኪወሰን ድረስ ልጅቷን ከጉብኝት ጊዜዋ አሳልፈው እንዳያስቀሯት አጥብቄ አሳስብዎታለሁ። ነባሩ ውሳኔ እስኪለወጥ ድረስ የጸና ነው፤ እርሱን መጣስ እርስዎን በኃላፊነት ከማስጠየቁም በላይ የልጅቷን ግንኙነት እንደማያከብሩ ማስረጃ ይሆናል። በልጅቷ ላይ ጥቃት ወይም ከባድ አደጋ ካለ ግን ተገቢው መንገድ አስቸኳይ ጊዜያዊ ትእዛዝ መጠየቅ ነው።

አቤቱታው እንደ ደንቡ የሚቀርበው የመጀመሪያውን ውሳኔ ለሰጠው ፍርድ ቤት ሲሆን፣ ሥልጣኑንና ሥርዓቱን በሚኖሩበት አገር የቤተሰብ ሕግ ያረጋግጡ። በአቤቱታዎ ላይ ዋናው ጥያቄ ተቀባይነት ቢያጣ የጉብኝቱ መርሐ ግብር እንዲሻሻል በአማራጭነት ይጠይቁ፤ ይኸውም የቅዳሜና እሑዱ ጉብኝት በረጅሙ የትምህርት ቤት ዕረፍት እንዲተካ፣ የስልክ መገናኛ ቀናት እንዲወሰኑና የጉዞ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በትእዛዙ ላይ በግልጽ እንዲሰፍር ነው።