አንድ እግር ሲጎድል ሚዛኑ ምን ያሳያል? ሲስተር አልማዝ ይመልሳሉ

ናትናኤል (ሐዋሳ፣ አቶቴ)፦ ሲስተር፣ አባቴ በስኳር ምክንያት ቀኝ እግሩ ጭኑ መሃል ላይ ተቆርጧል። ቁመቱ 170፣ ክብደቱ 70 ኪሎ ነው። ክብደቱን ለቁመቱ በሜትር ካሬ አካፍዬ ቢኤምአዩን ሳሰላው 24.2 ወጣ። ደህና ነው ማለት ነው?

ሲስተር አልማዝ፦ አይደለም። ቁመቱን የወሰድከው የሙሉ ሰው ቁመት አድርገህ ነው፣ ክብደቱ ግን እግር የጎደለው ሰው ክብደት ነው። ሁለቱ አይገጥሙም።

መጀመሪያ የጎደለውን ገምት። ሙሉ እግር ከዳሌ ጀምሮ የአንድ ሰው ክብደት 16 በመቶ አካባቢ ነው። ጭኑ ብቻውን 10፣ ከጉልበት በታች ያለው እስከ ጣቶቹ ድረስ 6 ሊሞላ ጥቂት የቀረው። የአባትህ ጭን መሃሉ ላይ ስለተቆረጠ ከጭኑ 5፣ ከታች 6፣ በድምሩ 11 በመቶ ጎድሏል። ሚዛኑ ላይ የወጣው ቀሪው 89 በመቶ ነው። ስለዚህ፦

```
70 ÷ 0.89 = 78.7
78.7 ÷ (1.70 × 1.70) = 27.2
```

25 ካለፈ ከመጠን በላይ ነው። 24.2 ላይ ሆነህ ብታመሰግን ኖሮ ስኳር ያለበት ሰው ውፍረቱ ሳይታይ ይከርም ነበር። ብዙ ሰው የሚፈራው አካሉ የጎደለ ሰው ሳያስፈልገው ከሲታ መባሉን ነው። እሱም አለ፤ ያው ቁመትና ያው ቁርጥ ሆኖ 52 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሳይስተካከል 18 ይወጣለትና በምግብ እጥረት ይመዘገባል፣ ሲስተካከል ግን ከ20 በላይ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የአባትህ ዓይነቱ ነው።

ዮናስ፦ ማካፈል ምን አመጣው? 11 በመቶውን መደመር ነው። 70 ላይ 7.7 ሲጨመር 77.7፣ ያው ነው።

ሲስተር አልማዝ፦ ያው አይደለም። 11 በመቶው የሙሉው ሰው ነው እንጂ የቀረው ሰው አይደለም። ከ77.7 ላይ 11 በመቶ ቀንስና 70 ይመጣልህ እንደሆነ እየው፤ 69.2 ነው የሚመጣው። እዚህ ላይ ልዩነቱ አንድ ኪሎ ስለሆነ ላይቆጨን ይችላል። ከዳሌ ለተቆረጠ ሰው ግን ከሁለት ኪሎ ያልፋል።

ዮናስ፦ እሺ። ታዲያ ለዚህ ቁመት ትልቁ ጤናማ ክብደት 72 ከሆነ፣ እሱንም በ0.89 ስናካፍለው 81 ኪሎ። ሰውየው ገና 11 ኪሎ ይቀረዋል ማለት ነው።

ሲስተር አልማዝ፦ ዮናስ፣ ቀስ በል! ሁሉም የሚወድቀው እዚህ ጋ ነው። ሚዛን ያሳየህን ክብደት ወደ ሙሉ ሰው ስታመጣ ታካፍላለህ። የሙሉ ሰውን ተገቢ ክብደት ወደ እሱ ስታወርድ ታባዛለህ። አቅጣጫው ተገላቢጦሽ ነው። ለ170 ሴንቲ ሙሉ ሰው ከ53.5 እስከ 72 ኪሎ ነው። እነዚህን በ0.89 ስታባዛ ከ47.6 እስከ 64 ይሆናል። አባቱ ሚዛን ላይ ማየት ያለበት ቁጥር በዚህ መሃል ነው፣ ዛሬ 6 ኪሎ ይበልጣል። አንተ በሰራኸው ስሌት ግን የሚጨምር ሰው ሆነ። እንዴት ይቀንስ የሚለው ከስኳር ሐኪሙ ጋር የሚያልቅ ነገር ነው፣ እዚህ አልገባበትም።

ሕሊና፦ ወንድሜ ከአደጋው በኋላ በጣም ከሳ። ክብደት የሚጨምር ምን ይብላ?

ሲስተር አልማዝ፦ የምግብ ዝርዝር አልሰጥም። መክሳቱን በምን አወቅሽ? እግሩ ከተቆረጠ በኋላ ብቻ ተመዝኖ ከሆነ የጎደለው እግሩ ሊሆን ይችላል። የት ላይ እንደተቆረጠ ሳትነግሪኝ አልመልስም።

አቶ ሙሉጌታ፦ ሲስተር፣ እኔ ከጉልበት በታች ነኝ። ሰው ሠራሹ እግር የእግሬን ቦታ ይዟል። ከነእሱ ብመዘን ማስተካከሉ አይቀርልኝም?

ሲስተር አልማዝ፦ አይቀርልዎትም ጋሼ። ቦታ እንጂ ክብደት አልያዘም። የጎደለው 6 በመቶ ሰው ሠራሹን አውልቆ 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ላይ ወደ 4.5 ኪሎ ይጠጋል፣ ሰው ሠራሹ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው፣ ሲቀየርም ክብደቱ ይለያያል። አውልቀው ይመዘኑ። ካልተቻለ እሱን ከነጫማው ብቻውን መዝነው ይቀንሱ፣ ከዚያ በ0.94 ያካፍሉ።

ብርቱካን፦ እንዴት ይመዘን? አንድ እግሩ ላይ ይወዛወዛል፣ ሚዛኑም ቁጥር አይዝም።

ሲስተር አልማዝ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ስሌቱን ሁሉም ያያል፣ ሚዛኑን ግን ማንም አያይም። ከሚዛኑ ውጪ መሬት ላይ ክራንች ተክሎ የሚቆም ሰው ክብደቱን ለክራንቹ እያካፈለ ነው፤ ሚዛኑ ሦስትም አምስትም ኪሎ ሊያጎድል ይችላል። ግድግዳ ሲይዝ፣ አስታማሚው ብብቱን ሲደግፍም እንዲሁ ነው። መንገድ ዳር ያሉት ትንንሽ ሚዛኖች ላይ ደግሞ ክራንቹን ይዞ መውጫ ቦታም የለም።

ባስኩላ ፈልጉ፣ እህል የሚመዝኑ ነጋዴዎች ጋ አለ። ወንበር አስቀምጡበት፣ ወንበሩን ብቻውን መዝኑ፣ ከዚያ ሰውየው ይቀመጥበት፣ እግሩንም ከባስኩላው ላይ ያድርግ እንጂ መሬት አያስነካ። የወንበሩን ቀንሱ። በሚቀጥለው ወርም ያው ባስኩላ፣ ያው ወንበር፣ ያው ሰዓት።

ቁመት በቀረው እግር ቆሞ፣ ተረከዙንና ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ዳሌው ወደ አንድ በኩል ሳያዘነብል ይለካል። ከመቆረጡ በፊት የተለካ ካለ እሱ ይበልጣል።

ግርማ፦ ሁለቱም እግር ከሌለስ ቁመቱ?

ሲስተር አልማዝ፦ ከመቆረጡ በፊት የተለካ ከሌለ እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ከመሃል ጣት ጫፍ እስከ መሃል ጣት ጫፍ ይለካ። ግምት ነው፣ በብዙ ሰው ላይ ከቁመት ጥቂት ሴንቲ ይበልጣል።

ሳሙኤል፦ እጁ የተቆረጠ፣ 60 ኪሎ። ስንት ይሁን?

ሲስተር አልማዝ፦ እጁ የት ላይ? ከአንጓ ከሆነ ከአንድ በመቶ በታች ነው፣ አትድከሙ። ከትከሻ ከሆነ 5 በመቶ፣ በ0.95 ታካፍላለህ። «ተቆርጧል» ብቻ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ራሔል (የጤና ኤክስቴንሽን)፦ ይሄ ሁሉ ስሌት ከሚሆን የክንድ ዙሪያ በቴፕ የሚለካበት ሙዋክ አይሻልም? ክንድ ላይ ጥብቅ ነው፣ እግር አይጠይቅም።

ሲስተር አልማዝ፦ ለከሳ ሰው ጥሩ ነው። ለናትናኤል አባት ግን አይረዳም፣ ውፍረትን ለመለየት አልተሠራም። ደግሞም ክራንች የሚይዝ ሰው ክንዱ ይደነድናል፣ ሰውነቱ ከስቶ ሳለ ቴፑ ደህና ይልሻል።

ራሔል፦ እኛ ጋ የምናያቸው ክራንች ይዘውም ክንዳቸው ቀጭን ነው።

ሲስተር አልማዝ፦ ጀማሪ ከሆኑ ሊሆን ይችላል። የሁለት ዓመት ክራንች ያለው ሰው ለኪ።

ራሔል፦ እሱን ለክቻለሁ ሲስተር፣ አልተስማማሁም።

ዮናስ፦ መድኃኒት ሲታዘዝስ? የተስተካከለውን ነው የምንናገረው?

ሲስተር አልማዝ፦ ሚዛን ያሳየውን ተናገር፣ እግር መቆረጡንም ንገር። የተስተካከለውን እንደ እውነተኛ ክብደት ለማንም አትስጥ። ሌላው የሐኪሙ ነው። አሥራ አንድ በመቶውም ቢሆን በአማካይ ሰው ላይ የተወሰደ ግምት ነው፣ የቀረው ጭን ጡንቻው ከሟሸሸ ከዚያ በላይ ጎድሏል። ስለዚህ 27.2ን ከ27.4 ጋር አታከራክሩ።

ናትናኤል፦ ሲስተር፣ አባቴን ዛሬ ባስኩላ ላይ ወንበር አድርገን መዘነው፣ 73 ሆነ። ባለፈው ክራንቹን መሬት ተክሎ ነበር።

ሲስተር አልማዝ፦ ያው እንዳልኩት። 73 ሲካፈል ለ0.89 ወደ 82 ነው፣ ቢኤምአዩ 28.4። የላይኛው ወሰን አሁንም 64 ነው፣ የሚቀነሰው ግን ከ6 ወደ 9 ኪሎ ከፍ አለ። ለሐኪሙ የምትነግረው 73ቱን ነው፣ 82ቱን አይደለም።