በደብዳቤው ላይ የትኛውን ድምር ልጻፍ?

«የወላጅ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነኝ። በዝግጅቱ የተሰበሰበውን ለወላጆች በደብዳቤ ላሳውቅ ነው። ጠቅላላውን ልጻፍ ወይስ ወጪ ተቀንሶ የቀረውን?»

ሁለቱንም ይጻፉ፤ የተጣራውን ግን ያስቀድሙ። ለምሳሌ፦ የተጣራ 39,200፤ ከትኬትና ከጨረታ የገባ 48,600፤ ለአዳራሽና ለድምፅ ማጉያ የወጣ 9,400። ቃል ተገብቶ ገና ያልተከፈለ ካለ ድምሩ ውስጥ አያስገቡት፤ ለብቻው አንድ መስመር ይስጡት።

አንድ ነገር ልንገርዎት። እኛ የአዳራሹን ኪራይ በዕለቱ ከሣጥኑ አውጥተን ከፈልን። ባንክ ያስገባነው ደብዳቤው ላይ ካለው ጠቅላላ ድምር አነሰና ጉድለት ያለ መሰለ። ሰው በጣም ተከፋ፤ ለማስረዳት ሦስት ስብሰባ ፈጀብን። የገባውን በሙሉ ባንክ አስገብተው ወጪውን ከዚያ ይክፈሉ። በእጅ የተከፈለ ካለም መጠኑንና የደረሰኙን ቁጥር እዚያው ደብዳቤው ላይ ይጥቀሱ።