r ሳይሰጥ K ሲጠየቅ

«ሰላም ግሩፕ፣ ሎጂስቲክ እድገት ላይ r ሳይሰጥ K አውጡ የሚል እንዴት ነው የሚሰራው? በኩሬ ውስጥ ያለው ዓሣ 200 ሲሆን በዓመት 72፣ 600 ሲሆን ደግሞ በዓመት 120 ይጨምራል ይላል። እኔ 1350 መጣልኝ፣ ምርጫው ውስጥ ግን የለም።»

ወንድሜ፣ 1350 ከየት እንደመጣ ይገባኛል። 72ን ለ200 አካፍለህ 0.36 አገኘህ፣ እሱን r ነው ብለህ 600ው ላይ አስገባኸው። አራት ኪሎ አካባቢ የማስጠናቸው ልጆችም ብዙዎቹ እዚችው ጋ ነው የሚሳሳቱት።

0.36 r አይደለም። r ምግብም ቦታም ምንም ሳይጎድል አንድ ዓሣ በአማካይ በዓመት የሚጨምረው ነው፣ K ደግሞ ኩሬው ሊይዘው የሚችለው የዓሣ ብዛት። 200 ዓሣ ባለበት ኩሬ ግን ሽሚያው ተጀምሯል። ስለዚህ 0.36 ማለት ከr ላይ የተወሰነ ተቀንሶ የቀረው ነው። ጥያቄው ኤክስፖኔንሻል ቢሆን ኖሮ ትክክል ነበርክ፣ እዚያ ዓሣው 200ም ሆነ 600 የነፍስ ወከፍ እድገቱ አይለወጥም። እዚህ ግን 120 ለ600 ሲካፈል 0.20 ነው። ከ0.36 ወደ 0.20 መውረዱ ራሱ ሎጂስቲክ መሆኑን ይነግርሃል።

አሁን ዋናውን ቀመር ውሰድና ሁለቱንም ጎን ለN አካፍል፣ N ያለው የዓሣ ብዛት፣ dN/dt በዓመት የሚጨምረው ነው፦

```
dN/dt = rN(1 - N/K)
(dN/dt)/N = r - (r/K)N
```

ሁለተኛው መስመር የቀጥታ መስመር እኩልታ ነው፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምታውቀው። y ላይ የነፍስ ወከፍ እድገቱን፣ x ላይ Nን አድርግ። ስሎፑ -r/K ነው፣ y አክሲስን የሚቆርጥበት ቦታ r ነው፣ x አክሲስን የሚቆርጥበት ደግሞ K ነው። ሁለት ነጥብ ካለህ መስመሩን አገኘህ ማለት ነው።

ያንተ ነጥቦች (200, 0.36) እና (600, 0.20) ናቸው። ስሎፑ -0.16 ሲካፈል ለ400፣ ማለትም -0.0004። ከ200 ወደ 0 ወደኋላ ስትመለስ 200 × 0.0004 = 0.08 ይጨመራል፣ ስለዚህ r = 0.44። K ደግሞ 0.44 ሲካፈል ለ0.0004፣ 1100 ዓሣ።

መልስህን ሳታረጋግጥ አትለፍ፣ ግማሽ ደቂቃ እንኳን አይፈጅም። ዋናው ነገር r ለማውጣት ባልተጠቀምክበት ነጥብ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም መሞከር ነው። 0.44 × 200 × 900/1100 = 72፣ ልክ ነው። 0.44 × 600 × 500/1100 = 120፣ እሱም ልክ ነው። ያንተን 0.36 እና 1350 ብትሞክር 600ው ላይ 120 ይሰጥሃል፣ ምክንያቱም K ያወጣኸው ከዚያ ነው። 200ው ላይ ግን 72 ሳይሆን 61 አካባቢ ይመጣል። እዚያ ጋ ነው የሚያጋልጥህ።

ቅንፉ ውስጥ ያለው 1 - N/K ለሚያምታታው ሰው፣ ታክሲ ውስጥ ገና ያልተያዘው ወንበር ድርሻ ነው ብሎ ያስበው። 600 ዓሣ ሲኖር ከ1100 ቦታ 500 ክፍት ነው። ኤክስፖኔንሻል ቢሆን 264 ዓሣ ይጨመር ነበር፣ በክፍቱ ቦታ ልክ ተቀንሶ 120 ሆነ። N ከK ካለፈስ? 1300 ዓሣ ብታስገባ ቅንፉ ኔጌቲቭ ይሆንና በዓመት 104 የመቀነስ ፍጥነት ይወጣል። አንዳንዱ ኔጌቲቭ ሲያይ ተሳሳትኩ ብሎ ይሰርዘዋል፣ አትሰርዘው።

አንድ ጥንቃቄ። አካፍለህ ያገኘኸውን ቁጥር ቶሎ አታጠጋጋ። K የሚመጣው መስመሩን ወደፊት በመዘርጋት ስለሆነ ትንሽ ለውጥ ይገናል። እዚሁ ጥያቄ ላይ 120ው 130 ቢሆን K ከ1100 ወደ 1205 ገደማ ይዘላል። ለዚህ ነው እውነተኛ ኩሬ ላይ የሚሰሩ ሰዎች በሁለት ነጥብ የማይረኩት። ብዙ ልኬት ይሰበስባሉ፣ ነጥቦቹ መስመር ካልሰሩ ደግሞ ሎጂስቲኩ ራሱ ለዚያ ኩሬ ላይሆን ይችላል። ሞዴሉ እኮ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዓሣ እድገቱን እኩል እና ወዲያው ይጎትታል ብሎ ነው የሚነሳው።

ከዚህ ጥያቄ ስር ብዙ ጊዜ «በጣም በፍጥነት የሚያድገው መቼ ነው?» ይከተላል። K/2 ላይ ነው፣ ያንተ 550። ፍጥነቱ rK/4፣ በዓመት 121። ከ200 ተነስቶ 550 ለመድረስ ስንት ጊዜ ካሉህ፦

```
t = ln((K - N0)/N0) / r
```

N0 መነሻው ብዛት ነው፣ ያንተ 200። ይቺ አቋራጭ የምትሰራው ለK/2 ብቻ ነው። ln 4.5 ሲካፈል ለ0.44፣ 3.4 ዓመት ገደማ ነው። ምርጫው ውስጥ 2.3 ካየህ እሱ የኤክስፖኔንሻሉ መልስ ነው፣ ሆን ተብሎ የተቀመጠ።