ያልተረከቡትን ዕቃ ክፈሉ ሲባሉ

ጥያቄ፦ «ከአቅራቢያችን 120 ካርቶን የማተሚያ ወረቀት አዝዘን የደረሰን 80 ብቻ ነው። ኢንቮይሱ ግን የ120ውን ሂሳብ ይጠይቃል። ደውዬ ስነግራቸው ‹እናጣራለን› ብለውኝ ነበር፤ አሁን የክፍያ ማስጠንቀቂያ ላኩብን። ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

መልስ፦ ብዕር ከማንሳትዎ በፊት የርክክብ ሰነዱን ያውጡና ዕቃ ተቀባይዎ ምን ላይ እንደፈረመ ይዩ። «80 ካርቶን ተረክቤያለሁ» ብሎ ከፈረመ ነገሩ ከሞላ ጎደል አልቋል። ሰነዱ 120 እያለ ሳይቆጥር ፈርሞ ከሆነ ግን ይከብዳል። ዕቃ ማስረከቡን ማስረዳት በመርህ ደረጃ የሻጩ ድርሻ ነው፤ ያ ፊርማ ግን ለሻጩ ማስረጃ ስለሚሆንለት ማስተባበሉ በእርስዎ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ከሆነ የዕለቱን የመጋዘን መዝገብና ሲራገፍ የነበሩትን ሠራተኞች ቃል አሁኑኑ ያሰባስቡ።

ውሉንም አንዴ ይመልከቱት። ዕቃው ለአጓጓዥ ከተሰጠበት ጊዜ ጀምሮ ኃላፊነቱ የገዢ ነው የሚል ከሆነና 40ው የጠፋው በመንገድ ላይ ከሆነ፣ የሚጠየቀው አጓጓዡ እንጂ ሻጩ ላይሆን ይችላል። ጉድለት በስንት ቀን ውስጥ መነገር እንዳለበት የሚወስን አንቀጽ ካለም ቀኑ እንዳያልፍዎት።

ይህ ካላሰጋዎት ደብዳቤው አጭር ይሁን፦

«በቀን … በቁጥር … የላካችሁልን ኢንቮይስ የ120 ካርቶን ሂሳብ ይጠይቃል። በርክክብ ሰነድ ቁጥር … የተረከብነው 80 ካርቶን ነው። ያልደረሰንን የ40 ካርቶን ሂሳብ አንቀበልም። የ80ውን በመክፈያው ቀን እንከፍላለን፤ ይህ ክፍያ ቀሪውን ዕዳ እንደማመን አይቆጠርብንም። 40ውን አስረክበናል የምትሉ ከሆነ የተፈረመበትን ሰነድ ቅጂ በ10 ቀን ውስጥ ላኩልን፤ ካልሆነ ለልዩነቱ ክሬዲት ኖት ስጡን።»

የ80ውን ሂሳብ ይዞ ማቆየት ብዙዎችን ይፈትናል። እኔ አልመክርም፤ ያልተካደን ዕዳ ያልከፈለ ሰው ራሱ ውል አፍራሽ ሆኖ ይገኛልና፣ ወለድም ሊቆጠርበት ይችላል።

አንድ ነገር ግን ከመላክዎ በፊት ይወስኑ፦ 40ውን ካርቶን አሁንም ይፈልጉታል? ክሬዲት ኖት መጠየቅ ሂሳቡ ይሰረዝ ማለት ነው። ዕቃውን ከፈለጉ በክሬዲት ኖቱ ፋንታ ማስረከቢያ ቀን ይቁረጡላቸው። ካልፈለጉትም ትዕዛዙን በራስዎ ሥልጣን ከመሰረዝዎ በፊት ውሉን ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ ለሻጩ መጀመሪያ የማሟያ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። ይህን ሳይለዩ ከጻፉ፣ ከሌላ ከገዙ በኋላ 40 ካርቶን በር ላይ ሊራገፍብዎት ይችላል።

በስልክ የተባባላችሁትን ማስረዳት ስለሚያዳግት ደብዳቤውን ውሉ ላይ በተጻፈው አድራሻ ይላኩ፤ በእጅ ከሰጡም ቅጂው ላይ የተቀባዩን ስም፣ ፊርማና ቀን ያስጽፉ። ሂሳብ ክፍልዎም ኢንቮይሱን በሙሉ ዕዳ አድርጎ እንዳይመዘግብ ዛሬውኑ ይንገሩት።