ካሜራው ያልቀዳውን ታርጋ ዙም አያወጣውም

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት መሸት ሲል አንድ መኪና ወደ ኋላ ሲመጣ የቆመችውን መኪናዬን ገጭቶ ሄደ። የግቢያችን ካሜራ ሁሉንም ቀድቶታል። ካሜራው 1080ፒ ነው፤ ሌንሱ ላይ 2.8 ይላል። ግጭቱ የደረሰበት ቦታ ከካሜራው 15 ሜትር ያህል ይርቃል። ታርጋውን ዙም ሳደርገው የሚታየኝ ግን ነጭ ነገር ብቻ ነው። ቪዲዮውን አጥርቶ ቁጥሩን የሚያወጣ ፕሮግራም ይኖራል? ወይስ ባለሙያ ጋ ብወስደው ይሻላል?»

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ አጣዳፊ ነገር ልንገርዎት። ሪከርደሩ ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ የቆየውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይቀዳል። ሳምንት አልፎታል፤ ስለዚህ ቀሪውን ከማንበብዎ በፊት ቪዲዮውን ከሪከርደሩ ኤክስፖርት አድርገው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡት። ከግጭቱ በፊትና በኋላ ያለውን ሩብ ሰዓት ያህልም አብረው ያውጡ። ለምን እንደሚጠቅም ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

አሁን ወደ ታርጋው። ቪዲዮውን ሳላየው እንኳ በሰጡኝ ቁጥሮች ስሌቱን መሥራት እችላለሁ። እንዲህ ባሉ ካሜራዎች ላይ የ2.8 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ ጎን የሚያየው ስፋት የርቀቱን እጥፍ ያህል ነው። 15 ሜትር ላይ 30 ሜትር ያህል ስፋት ያያል ማለት ነው። 1080ፒ ምስል ደግሞ ወደ ጎን 1920 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የተሠራባቸው ትንንሽ ነጥቦች፣ አለው። 1920ን ለ30 ሲያካፍሉት ለአንድ ሜትር 64 ፒክስል ይደርሳል። እያንዳንዱ ፒክስል እዚያ ቦታ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሸፍናል።

52 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 11 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ታርጋ ብንወስድ፣ በእርስዎ ቪዲዮ ውስጥ 33 ፒክስል በ7 ፒክስል ብቻ ነው። ሰባት ፊደልና ቁጥር ቢኖርበት ለአንዱ የሚደርሰው፣ ክፍተቱን ጨምሮ፣ ከ5 ፒክስል ያነሰ ነው። ቁጥሩ የተጻፈበት መስመር ውፍረት ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ ከአንድ ፒክስል ያንሳል ማለት ነው። ጉዳዩ ያለቀው እዚህ ላይ ነው።

ምክንያቱም አንድ ፒክስል የሚይዘው አንድ ቀለም ብቻ ነው። በዚያች አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ውስጥ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ከሆነ ካሜራው የሚጽፈው «ግራጫ» ብሎ ነው። ጥቁሩ በግራ ይሁን በቀኝ፣ ከላይ ይሁን ከታች የትም አልተመዘገበም። የሁለት ቁጥሮች አማካይ 5 ነው ብልዎት ቁጥሮቹ 4 እና 6 ይሁኑ ወይስ 2 እና 8 ሊያውቁ አይችሉም፤ ሒሳብ ጎበዝ መሆንም አይረዳም። 3 እና 8 የሚለዩት በግራ በኩል ባሉ ትንንሽ ክፍተቶች ነው። ክፍተቶቹ ከጎናቸው ካለው ጥቁር ጋር ተደባልቀው ግራጫ ከሆኑ፣ ሁለቱ ቁጥሮች ፋይሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ምስል ሊሰጡ ይችላሉ።

ዙም ሲያደርጉ ታዲያ ምን ይሆናል? ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ያሉትን ፒክስሎች ይለጥጣል። በመሃል የተፈጠረውን ባዶ ቦታ ደግሞ ከጎረቤቶቹ ገምቶ ይሞላል። የአንዱ ፒክስል የብርሃን መጠን 20፣ ቀጥሎ ያለው 60 ከሆነ በመሃላቸው 30፣ 40፣ 50 ብሎ ይጽፋል። ምስሉ ይተልቃል፣ ጠርዙም ይለሰልሳል፤ ስለ ታርጋው የሚታወቀው ነገር ግን ቅንጣት አልጨመረም። ፊልም ላይ «አጉላው... አጥራው» ሲባል ቁጥሩ ፏ ብሎ የሚወጣው የፊልሙ ሠራተኞች መጀመሪያውኑ ጥርት ያለውን ምስል ስላላቸው ነው።

በስሌቴ ብቻ እንዳይተማመኑ ራስዎ ይለኩት። ታርጋው የሚታይበትን ፍሬም፣ ማለትም ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ምስሎች አንዱን፣ እንደ ፎቶ ያስቀምጡና በፔይንት ይክፈቱት። ታርጋውን በመምረጫው ሲከቡት ስንት ፒክስል በስንት እንደሆነ ከታች ይጽፍልዎታል። በእኔ ልምድ የታርጋው ርዝመት ከ100 ፒክስል በላይ ከሆነ ተስፋ አለ። 60 እና 70 አካባቢ ከሆነ ከፊሉ ሊነበብ ይችላል። 33 ላይ ከሆነ ግን ገንዘብዎን ለማንም አይክፈሉ። ለንጽጽር ያህል፣ አውሮፓ ውስጥ ሲሠራበት የቆየው የካሜራ ተከላ መስፈርት አንድን የማይታወቅ ሰው ለመለየት በሜትር 250 ፒክስል ይፈልጋል። የእርስዎ 64 የሚበቃው ምን እየተደረገ እንዳለ ለመከታተል ነው።

ሲለኩ ከ33ም ያነሰ ካገኙ አይደንግጡ፤ የተለመደ ነገር ነው። ብዙ ሪከርደሮች ሁለት ዓይነት ምስል ይይዛሉ። ሙሉው `Main Stream` ሲሆን፣ ለስልክ እንዲቀልል ተብሎ የሚያንሰው `Sub Stream` ነው። በስልክ አፕ ያወረዱት ከሆነ ትንሹን አውርደው ይሆናል። ትንሹ 640 በ360 ከሆነ ታርጋዎ 11 ፒክስል ብቻ ነው። በቪኤልሲ ቪዲዮ ማጫወቻ ሲከፍቱት `Tools` ከዚያ `Codec Information` ቢሉ ትክክለኛውን መጠን ያሳይዎታል። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ቪዲዮ የተላከውንም አይጠቀሙ፤ መንገድ ላይ እንደገና ይጨመቃል። ሞኒተሩን በስልክ ቀርጾ የሚያመጣልኝም ሰው አለ። ያንን ባላየው እመርጣለሁ።

በዚህ ላይ ምሽቱ አለ። መብራት ሲያንስ ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ረዘም ላለ ጊዜ ብርሃን ይሰበስባል፤ ብዙ ጊዜ እስከ ሴኮንድ 25ኛ ክፍል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያች ቅጽበት 40 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል። ካሜራው ፊት አቋርጦ ካለፈ ታርጋው በራሱ ርዝመት ያህል ተጎትቶ ይቀዳል። እርስዎ ያዩት «ነጭ ነገር» ሌላም መነሻ ሊኖረው ይችላል። የካሜራው ኢንፍራሬድ መብራት አንጸባራቂው ታርጋ ላይ ሲያርፍ ምስሉ ይቃጠላል። ሁሉም ፒክስል 255፣ ማለትም የመጨረሻው ነጭ ከሆነ፣ ብርሃኑን ቢቀንሱት የሚያገኙት ግራጫ ሰሌዳ ነው እንጂ ቁጥር አይደለም።

እንግዲህ ምን ማድረግ ይቻላል? ሩብ ሰዓቱን ያስወጣሁዎት ለዚህ ነው። መኪናው ወደዚያ ቦታ የገባበትና የወጣበት መንገድ አለ። በመንገዱ ላይ ከካሜራው 4 ሜትር ርቀት ላይ ያለፈበት ቅጽበት ካለ፣ እዚያ ምስሉ የሚሸፍነው 8 ሜትር ስፋት ብቻ ነው። በሜትር 240 ፒክስል ይደርሳል፤ ታርጋው 125 ፒክስል ይሆናል። የማይነበበው ታርጋ ያው ቪዲዮ ውስጥ ሌላ ቦታ ላይ ተነብቦ ሊገኝ ይችላል ማለት ነው። ሰው ሁሉ ግጭቱን ደጋግሞ ያያል፤ መኪናው ሲገባ ያለውን የሚያይ ጥቂት ነው። በቪኤልሲ `E` የሚለውን ቁልፍ እየተጫኑ ፍሬም በፍሬም ይሂዱ። ፍጥነት የቀነሰበትን፣ የታጠፈበትን፣ የቆመበትን ይፈልጉ። የሌሎች ካሜራዎች ቪዲዮም ካለ እንደዚሁ።

ሁለተኛው ሙከራ ገጪው ከግጭቱ በኋላ ለአፍታ ቆሞ ከሆነ ነው። ffmpeg እና ImageMagick የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ኮምፒውተርዎ ላይ ካሉ፣ በእነዚህ ሁለት ትእዛዞች ከቆመበት ጊዜ ያሉትን ፍሬሞች አውጥቶ አማካያቸውን መውሰድ ይቻላል፦

```
ffmpeg -ss 00:03:10 -i video.mp4 -t 2 f_%04d.png
magick f_*.png -evaluate-sequence mean out.png
```

ከ3ኛው ደቂቃ ከ10ኛው ሴኮንድ ጀምሮ የ2 ሴኮንድ ፍሬሞችን አውጥቶ አንድ ምስል ያደርጋቸዋል፤ ሰዓቱን በራስዎ ይተኩ። በምሽት ምስል ላይ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ ከፍሬም ፍሬም ስለሚለያይ አማካዩ ውስጥ ይደክማል። 16 ፍሬም ሲሆን ወደ ሩብ ሊወርድ ይችላል። በነጠብጣቡ የተሸፈነ ነገር ካለ ያኔ ይወጣል። በወረቀት ላይ እንዲህ ነው። በተግባር ግን ሪከርደሩ ቦታ ለመቆጠብ የማይንቀሳቀሰውን ክፍል ከቀደመው ፍሬም እየገለበጠ ይጽፋል። ስለዚህ 40 ፍሬም ብለው የያዙት 40 የተለያየ እይታ ላይሆን፣ ያው አንዱ 40 ጊዜ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። የተሻለ ዕድል ያለው መኪናው በጣም በዝግታ ሲንቀሳቀስ ነው፤ ያኔ ታርጋው በየፍሬሙ ፒክስሎቹ ላይ ትንሽ ለየት ብሎ ያርፋል፣ ፍሬሞቹን አስተካክሎ የሚደራርብ ሰውም ትንሽ ተጨማሪ ዝርዝር ሊያወጣ ይችላል። 50 ፒክስሉን እንደ 80 ሊያስነብበው ይችል ይሆናል፤ 33ቱን 300 አያደርገውም።

«በኤአይ አጥሩ» የሚሉትን አፖች በተመለከተ፣ ለዚህ ሥራ አይንኳቸው። እነሱ ያልተቀዳውን ከዚህ በፊት ካዩዋቸው ምስሎች ተነስተው ይስላሉ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሠሩት አንድ ፕሮግራም የባራክ ኦባማን የደበዘዘ ፎቶ ሲሰጡት ጥርት ያለ የነጭ ሰው ፊት አውጥቷል። ፊቱ ችግር የለበትም፤ የኦባማ አለመሆኑ ብቻ ነው። በታርጋ ላይ ሲሆን ደግሞ ጥርት ያለ ቁጥር ይሰጥዎታል፤ የሌላ ሰው ቁጥር።

ዓይንዎም ቢሆን እንዲሁ ያደርጋል። ግራጫ ነገር ላይ ለረጅም ሰዓት ካፈጠጡ ቁጥር ማየት ይጀምራሉ፤ የሚጠረጥሩት መኪና ካለ ደግሞ የእሱን ቁጥር ያያሉ። ምስሉን ነገሩን ለማያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ለየብቻ ይስጡና ያዩትን ወረቀት ላይ ያስጽፏቸው። ካልተስማሙ አልተነበበም ማለት ነው። በደበዘዘ ምስል ከማረጋገጥ ይልቅ መሰረዝ ይቀላል፤ «የመጀመሪያው ቁጥር 1 ሊሆን አይችልም፣ ሰፊ ነው» ማለት ይቻላል። ለፖሊስም ሲሰጡ ያልተነካውን ፋይል፣ ሰዓቱን፣ የመኪናውን ቀለምና ዓይነት፣ የሄደበትን አቅጣጫ፣ የተሰበረ መብራት ወይም የተለጠፈ ነገር ካለበት እሱን ይስጡ። ለእነዚህ 64 ፒክስል በሜትር ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ለወደፊቱ ታርጋ ማንበብ ከፈለጉ ያለውን ካሜራ አይንቀሉት፤ ግቢውን በሰፊው እያየ ይቆይ። መውጫውን ብቻ የሚያይ ሁለተኛ ካሜራ በ12 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይጨምሩ። 15 ሜትር ላይ ወደ 7 ሜትር ስፋት ያያል፤ በሜትር 270 ፒክስል ያህል ይደርሳል። ሹተሩን፣ ማለትም ካሜራው ለአንድ ፍሬም ብርሃን የሚሰበስብበትን ጊዜ፣ በሴኮንድ 500ኛ ክፍል አካባቢ ያስሩት፤ ቀሪው ምስል ይጨልማል፣ ታርጋው ግን በኢንፍራሬዱ ይበራል። ከተከሉት በኋላ ማታ መኪናዎን እዚያ አሳልፈው ይሞክሩት። ስትሞክሩ ታርጋውን የምታነቡት ከቀጥታው ምስል ሳይሆን ከተቀዳው ፋይል ይሁን፤ ቀጥታው ሁልጊዜ የተሻለ ሆኖ ይታያል።