ክሮኑ 8 ተብሎ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲነሳ

«ሰላም ናችሁ፣ ጎንደር ላለ ክሊኒክ የቀጠሮ ኤስኤምኤስ የሚልክ ሲስተም ሰርቼ ሰርቨሩን ጂኤምቲ ፕላስ 3 አድርጌ ጠዋት 2 ሰዓት እንዲልክ ክሮኑን 0 8 አልኩት። እሱ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ነው የሚልከው። የሐበሻ ሰዓት ያነባል እንዴ?»

አያነብም ወንድሜ። `Etc/GMT+3` ብለህ ነው የሞላኸው አይደል? እዛ ስም ላይ ምልክቱ የተገላቢጦሽ ነው፣ ፕላስ የሚባለው ከግሪንዊች በስተምዕራብ ላለው ነው። ሰርቨርህ ከዩቲሲ 3 ሰዓት መቅደም ሲገባው 3 ሰዓት ወደኋላ ቀረ፣ ከእኛ ጋር 6 ሰዓት ተለያየ ማለት ነው። እሱ 8 ሲል እኛ ጋ 14 ነው፣ ማለትም ከቀኑ 8። የእኛ አቆጣጠርም ከፈረንጁ በ6 ስለሚለይ በአጋጣሚ ሐበሻ ሰዓት የገባው ይመስላል፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

1. 8ቱን ወደ 2 ቀይረህ እንዳታልፈው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጥሩ አድርጎ ይልክልሃል፣ ሌሊት ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚሰራ ነገር ካለህ ግን ቀኑ ይበላሽብሃል። መናኸሪያ አካባቢ ላለ አንድ የትኬት ቢሮ ከኔ በፊት የሰራው ልጅ እንደዛ አድርጎት ነበር፣ የአዲስ አበባው አውቶብስ ከመነሳቱ በፊት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የዕለቱ ተሳፋሪዎች ዝርዝር እንዲታተም 0 22 ብሎታል፣ ሰዓቱን ጠብቆ ይታተማል፣ ግን ሰርቨሩ ላይ ገና ትናንት ማታ 4 ሰዓት ስለሆነ ስክሪፕቱ ውስጥ ያለው `date +%F` የትናንትን ቀን ይሰጣል። ቀኑ የሚቀየርለት ንጋት 12 ላይ ነዋ! ረዳቱ ስም ሲጠራ አቤት የሚል የለም፣ ትናንት የሄዱ ሰዎች ናቸው፣ በሩ ላይ ሻንጣ ይዞ የቆመው ደግሞ ስሙ የለም። የሆስቲንጉ ሳፖርት ጋ ብደውል «ሰርቨሩ እንደ ሐበሻ ነው ቀን የሚቀይረው፣ ኮዳችሁን አስተካክሉ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። ሲስተሙን የሸጡላቸው እነሱ፣ ዞኑን የሞሉት እነሱ፣ የተሰደብኩት እኔ። ያገኘሁት ራሴው ነኝ፣ ይቺን ብቻ ጽፌ፦

```
date +%z
```

-0300 አለኝ። +0300 ነው ማለት የነበረበት።

2. ማስተካከያው (ያንተም ኡቡንቱ ነው ብዬ ነው)፦

```
sudo timedatectl set-timezone Africa/Addis_Ababa
sudo systemctl restart cron
```

ሁለተኛዋን መስመር እንዳትተዋት፣ ክሮን ካልተነሳ በድሮው ሰዓት ሊቀጥል ይችላል። ክሮንታቡ አናት ላይ TZ= ብሎ መጻፍም ኡቡንቱ ላይ የመነሻውን ሰዓት አይቀይረውም። ያንተ 0 8 እንዳለ ይቆይ፣ እኔ ግን ትኬት ቢሮው ጋ ያን ሁሉ በዘዴ የተሞላ ቁጥር ያንኑ ሰዓት ነው የቀየርኩት፣ 22 የነበረው 4፣ 2 የነበረው 8 ሆነ።

ዳታቤዝህ ውስጥ ያለ ዞን በሰርቨሩ ሰዓት የተመዘገበ ካለ ደግሞ ድሮ የገባው በ6 ሰዓት ወደኋላ ነው፣ ዞኑን የቀየርክበትን ሰዓት ማስታወሻ ያዝና ከዛ በፊት ያሉት ላይ ብቻ 6 ሰዓት ደምር፣ አንድ ጊዜ ብቻ።