ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ለምን ያስመልሳል?

ጥያቄ፦ ቀይ ቦሎቄ አመርታለሁ። ማገዶ ለመቆጠብ ብዬ ሌሊቱን ዘፍዝፌ ካደርኩ በኋላ እሳቱን ቀንሼ ለረጅም ሰዓት አቆየሁት። ፍሬው ለስልሶ ነበር። ከበላን ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ግን ሁላችንንም አስመለሰን። ጎረቤቴ «ጥሬው መርዝ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው? የተሰባበረውን ለዶሮ ብሰጥስ?

መልስ፦ ጎረቤትዎ እውነቱን ነው። ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ ቀይ ቦሎቄ ይመርዛል። አራት አምስት ፍሬ ብቻ እንኳን ሰው ሊያስመልስ ይችላል። አይቼ ስላላረጋገጥኩ ሌላ የተበላሸ ምግብ ሊሆን አይችልም አልልም። ነገር ግን ሰዓቱም አበሳሰሉም ወደ ቦሎቄው ያመለክታል። የዚህ መመረዝ ምልክት ከተበላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። መጀመሪያ ማቅለሽለሽና ብርቱ ማስመለስ ይመጣል፤ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ይከተላል። አብዛኛው ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሻለዋል። እስከዚያው ውሃ ቶሎ ቶሎ፣ ግን በትንሽ በትንሹ መጠጣት ነው። ሕፃን ወይም አቅመ ደካማ ከሆነ፣ ማስመለሱ ካላቆመ፣ ወይም ደም ከታየ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

መርዙ ፋይቶሄማግሉቲኒን ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ፕሮቲን ነው፤ ሌክቲን ከሚባሉት ወገን። ተክሉ ራሱ በፍሬው ውስጥ የሚሠራው ስለሆነ ከማሳ ወይም ከጎተራ የመጣ ብክለት አይደለም። ንጹሕ፣ ያልነቀዘ ቦሎቄም አለው። ይህ ፕሮቲን በሆድ ውስጥ እንደሌላው ፕሮቲን በቀላሉ አይፈጭም። በአንጀት ግድግዳ ሴሎች ላይ ካሉት ስኳሮች ጋር ይጣበቅና ሴሎቹን ይጎዳል። ነጭ ቦሎቄም አለው፣ መጠኑ ግን ከቀዩ በብዙ ያንሳል።

የሚያጠፋው ሙቀት ነው። ፕሮቲኑ የሚጣበቀው በልዩ ሁኔታ ስለተጣጠፈ ነው። የፈላ ውሃ ያንን ቅርጽ ሲፈታው መጣበቅ አይችልም። መርዙን በሚለኩበት ስሌት ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ከ20,000 እስከ 70,000 አሃድ ሲኖረው፣ በደንብ የበሰለው ወደ 200 እስከ 400 ይወርዳል።

የእርስዎ ችግር እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ከመፍላት በታች ከሆነ፣ 75 ወይም 80 ዲግሪ ላይ ለብዙ ሰዓት ቢቆይም ፍሬው ይለሰልሳል፤ መርዙ ግን ይቀራል። እንዲያውም 80 ዲግሪ አካባቢ ብቻ የሞቀ ቦሎቄ ከጥሬውም እስከ አምስት እጥፍ ሊብስ እንደሚችል ተመዝግቧል። ስለዚህ በጣት ጨፍልቆ «ለስልሷል» ማለት አያስተማምንም። በኤሌክትሪክ ቀስ አድርገው የሚያበስሉ ድስቶችም ይህንኑ ጣጣ ያመጣሉ።

መዘፍዘፉ ጥሩ ነበር፤ ቢያንስ አምስት ሰዓት ይሁን። ውሃው ወደ ፍሬው ውስጥ ስለሚገባ ሙቀቱ እስከ መሃል ይደርሳል። የተዘፈዘፈበትን ውሃ ግን ይድፉት። አዲስ ውሃ ፍሬው እስኪሸፈን ጨምረው በኃይለኛ እሳት ያፍሉት። ሰዓት መቁጠር የሚጀምሩት ድስቱ ከተጣደበት ሳይሆን ውሃው መፍለቅለቅ ከጀመረበት ነው። 100 ዲግሪ ላይ 10 ደቂቃ መርዙን ለማጥፋት ይበቃል ይባላል። እኔ ግን 30 ደቂቃ እላለሁ፤ ፍሬው እኩል አይሞቅምና። ውሃ ካነሰ የፈላ ይጨምሩ፤ ቀዝቃዛ ከጨመሩ መፍለቅለቁ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ አይቁጠሩት። ከዚያ በኋላ እሳቱን ቀንሰው እስኪለሰልስ ማቆየት ይቻላል። ማገዶውን የሚቆጥቡት እዚህ ላይ ነው።

ደጋ ላይ ከሆኑ ትንሽ ይጨምሩበት። ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ድስቱ እየተፍለቀለቀም ሙቀቱ ዝቅተኛ ነው። በእንፋሎት ግፊት የሚሠራ ድስት ካለ ይህን ችግር ይፈታል።

ፀሐይ ላይ ማድረቅ ወይም ማስቀመጥ መርዙን አይነካውም። ጥሬውን ፈጭቶ ዱቄት ማድረግም እንዲሁ። ዱቄት ከፈለጉ ቀቅለው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ያስፈጩት።

ለዶሮ ጥሬውን አይስጡ። ወዲያው ላይሞቱ ይችላሉ፤ ግን መኖ ይቀንሳሉ፣ ኩሳቸው ይቀጥናል፣ ጫጩቶችም እድገታቸው ይገታል። ችግሩ ቀስ ብሎ ስለሚታይ ብዙ አርቢ በበሽታ ያመካኛል። የተሰባበረውን ለሰው እንደሚቀቅሉት ቀቅለው፣ አቀዝቅዘው ከሌላ መኖ ጋር በጥቂቱ ይደባልቁ። የተዘፈዘፈበትን ውሃም እንዳያጠጧቸው።